ከፊዚዮቴራፒ ምርመራ ወደ ማገገሚያ እቅድ፦ ስለሚለኩ ግቦችና ስለ ቤት እንቅስቃሴ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ላይ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችና አዲስ የተመረቁ ፊዚዮቴራፒስቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሱ አየር ላይ እንዳይቀር ሁሉንም በአንድ ታካሚ ላይ እንሠራዋለን።

ምርመራውን ጨርሻለሁ፣ ወረቀቱም ሞልቷል። እቅዱን ከየት ልጀምር?

ታካሚው ማድረግ ካቃተው ነገር ጀምሩ። ምሳሌያችን የ29 ዓመት የባጃጅ ሹፌር ነው፤ የብዙ ታካሚዎች ታሪክ ተገጣጥሞ የተሠራ እንጂ አንድ የታወቀ ሰው አይደለም። የቀኝ ጭኑ አጥንት መሃል ላይ ተሰብሮ፣ አጥንቱ ውስጥ ብረት ከገባለት 10 ሳምንት ሆኖታል። ራጁ አጥንቱ እየገጠመ መሆኑን ያሳያል፤ የአጥንት ሐኪሙም የቻለውን ያህል እንዲረግጥ ፈቅዷል። በሁለት ክራንች ይሄዳል፣ ጉልበቱ ግን አልታጠፍ ብሎታል። ምን ማድረግ ትፈልጋለህ ሲባል ሦስት ነገር ይላል፦ ባጃጁን መንዳት፣ ሽንት ቤት ያለ ሰው እርዳታ መጠቀም፣ ቤተ ክርስቲያን መስገድ።

እነዚህን ሦስቱን ከወረቀቱ አናት ላይ ጻፏቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ግኝት ይዛችሁ “ይህ ችግር ባይኖር ኖሮ ከሦስቱ የትኛውን ይችል ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ። የቀኝ ጭኑ ዙሪያ ከግራው በ3.5 ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ እውነት ነው፣ ግን ጭኑ ቢወፍር ብቻውን ባጃጅ አያስነዳውም። የቁስሉ ጠባሳ ደርቋል፣ አያስቸግርም። እንዲህ ሲጣራ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ጉልበቱ ራሱ ሲያጥፈው 70 ዲግሪ፣ እኛ ስናጥፍለት 75 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ እግሩን ቀጥ አድርጎ ሲያነሳ ጉልበቱ 15 ዲግሪ ይጎብጣል፤ 10 ሜትር ለመሄድ 20 ሴኮንድ ይፈጅበታል። እቅዱ ከእነዚህ ከሦስቱ ይወጣል፤ የቀረው ግኝት መዝገቡ ላይ ይቀመጥ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘልለው አንድ ነገር አለ። እግሩን ሲያነሳ ጉልበቱ የሚጎብጠው ለምንድነው? ጋደም ብሎ እኛ ስንዘረጋለት ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ይላል። ስለዚህ መገጣጠሚያው ነጻ ነው፤ የደከመው የጭኑ የፊት ጡንቻ ነው፣ መድኃኒቱም ማጠንከር ነው። እኛም ስንዘረጋለት 15 ዲግሪው ቢቀር ኖሮ ችግሩ የመገጣጠሚያው መድረቅ ይሆንና የሚታዘዘው መሳሳብ ይሆን ነበር። ቁጥሩ አንድ ነው፣ እቅዱ ግን ሌላ ነው። ሁለቱንም፣ ራሱ ሲያንቀሳቅስና እኛ ስናንቀሳቅስለት፣ ያልለካ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ግብ “የሚለካ” የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው?

“ጡንቻውን ማጠንከር”፣ “አረማመዱን ማሻሻል” የሚሉት ግብ አይደሉም፤ እናንተ የምትሠሩት ሥራ ናቸው። ግብ ታካሚው በተወሰነ ቀን የሚያሳየው ነገር ነው። ሌላ ፊዚዮቴራፒስት መዝገቡን ከፍቶ፣ እናንተን ሳይጠይቅ፣ “ተሳክቷል” ወይም “አልተሳካም” ማለት ካልቻለ እንደገና ጻፉት።

ለእኛ ሰው የአራት ሳምንቱ ግብ እንዲህ ይጻፋል፦ በአራት ሳምንት ውስጥ፣ በጀርባው ጋደም ብሎ፣ ቀኝ ጉልበቱን ራሱ 90 ዲግሪ ያጥፋል (መነሻ 70)። እግሩን ቀጥ አድርጎ ሲያነሳ የሚጎብጠው ከ5 ዲግሪ አይበልጥም (መነሻ 15)። በአንድ ክራንች፣ ክራንቹን በግራ እጁ ይዞ፣ 10 ሜትር በ14 ሴኮንድ ይሄዳል (መነሻ በሁለት ክራንች 20)። መነሻውን ከግቡ ጎን መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በተግባር ግን ከወር በኋላ አሮጌ ገጽ ከመገልበጥ ያድናል።

እነዚህ የሰውነት ግቦች ናቸው። ከላያቸው የሕይወት ግብ ይቀመጥ፦ በ12 ሳምንት፣ ሞተሩ ጠፍቶ በቆመ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ የፍሬን ፔዳሉን በቀኝ እግሩ ያለማቋረጥ 20 ጊዜ ይረግጣል፣ “ቁም” ሲባልም ወዲያው ይረግጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የአካል ብቃትና የጉዳት አመዳደብ የሰውነትን አሠራር፣ ተግባርንና የማኅበራዊ ሕይወት ተሳትፎን ለይቶ የሚያስቀምጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉልበቱ ተሻሽሎ ሰውየው አሁንም ቤት የሚውልበት ጊዜ አለ፤ ሁለቱ ለየብቻ ካልተለኩ አይታወቅም። መንዳት እንዲጀምር የሚፈቀድለት ግን ይህን ፈተና ስላለፈ ብቻ አይደለም፣ የአጥንት ሐኪሙ ስምምነትም ያስፈልጋል።

ቁጥሩን ከየት ላምጣ? 90 ዲግሪ ለምን? 120 ለምን አይሆንም?

መጀመሪያ ተግባሩ ስንት እንደሚጠይቅ ይታይ። ሜዳ ላይ ለመሄድ ጉልበት 60 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት፤ ለደረጃና ከወንበር ለመነሳት 90 አካባቢና ከዚያ በላይ፤ ቁጢጥ ለማለት ከ120 በላይ። ባጃጅን በተመለከተ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ከግቢው በር ላይ ከቆሙት አንዱን አስፈቅዳችሁ ታካሚውን የተጎዳውን እግር ከፊት ዘርግቶ አስቀምጡት፣ ከዚያ ጤነኛ ጓደኛውን እዚያው ቦታ አስቀምጣችሁ ፔዳሉን ሲረግጥ ጉልበቱን በጎኒዮሜትር ለኩ። የጓደኛው ወደ 90 ከሆነ ዒላማችሁን አገኛችሁ። እኔ ከሁሉም መንገድ ይህን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ታካሚውም ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በዓይኑ ያያል።

ቀጥሎ ጊዜው። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ፣ ሲታጠፍ ጫፉ ላይ እንደ ላስቲክ የሚሳሳብ ጉልበት ቤት ውስጥ በትጋት ከተሠራበት በሳምንት አራት፣ አምስት ዲግሪ ማምጣቱ የሚጠበቅ ነው። ከ70 ተነስቶ በአራት ሳምንት 90 ማለት ይህ ስሌት ነው። በአራት ሳምንት 120 ብላችሁ ብትጽፉ ታካሚው በ90 ደስ የሚለው ቀን ላይ “ወደቅክ” ልትሉት ነው።

መስገዱና ቁጢጥ ማለቱስ? ግቡ አይሰረዝም፣ ለኋላ ይቀመጣል፤ ታካሚውም ለምን እንደዘገየ ይነገረው። ሽንት ቤቱ ግን ሦስት ወር አይጠብቅም። ከመቀመጫው መሃል የተቀደደ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር ቀዳዳው ላይ ከተደረገ፣ ጎኑ ላይም የሚይዘው ነገር ከተተከለ፣ ባለው ጉልበት ዛሬውኑ ብቻውን ይጠቀማል። የሰውነት ቁጥር እስኪለወጥ ቤቱን መለወጥም የእቅድ አካል ነው፤ ወንበሩ ራሱ እንደ ግብ ይጻፍ፦ “በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በወንበር፣ ያለ ሰው እርዳታ።”

ከትናንት ወዲያ 80፣ ዛሬ 77 ለካሁ። ታካሚው ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። በጎኒዮሜትር የጉልበት መለኪያ እስከ 5 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ከለኪው ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከ5 ዲግሪ በታች የሆነ ለውጥ ላይ ተነስታችሁ እቅድ አትቀይሩ፤ “በሁለት ሳምንት 3 ዲግሪ መጨመር” የሚል ግብም አትጻፉ፣ ቢሳካም ማወቅ አይቻልምና።

ልዩነቱን ለማጥበብ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጉ። ታካሚው በጀርባው ይተኛ። የመሣሪያው መሃል ከጉልበቱ ውጭ በኩል ባለው የጭን አጥንት ጉብታ ላይ ይሁን፤ አንዱ ክንድ ከዳሌው ጎን ወደሚዳሰሰው ጉብታ፣ ሌላው ወደ ውጭኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ይመልከት። ቢቻል አንድ ሰው ይለካ፣ ከእንቅስቃሴው በፊት ይለካ። ከማሳሳብ በኋላ የተለካ ጉልበት ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

ለቤት ስንት እንቅስቃሴ ልስጠው?

ሦስት፣ ቢበዛ አራት። አሥር እንቅስቃሴ የታተመበት ወረቀት የሚሰጡ አሉ፤ ታካሚው ከአሥሩ ቀላሎቹን መርጦ ይሠራል፣ ቀላሎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ የማያስፈልጉት ናቸው። እያንዳንዱ የቤት እንቅስቃሴ ከአንድ ግብ ጋር መያያዝ አለበት። ከየትኛውም ግብ ጋር ካልተያያዘ ይውጣ።

ለእኛ ሰው የመጀመሪያው ለመታጠፉ ነው። አልጋ ላይ ተጋድሞ ነጠላ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠምጥሞ ተረከዙን ወደ መቀመጫው ይስባል፤ መሳሳቡ ሲሰማው 10 ሴኮንድ ይዞ ይለቃል፣ 10 ጊዜ። ይህን ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና ማታ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። የደረቀ ጉልበት በቀን አንዴ ለረጅም ጊዜ ከሚጎተት ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ቢሳሳብ ይሻለዋል። ሁለተኛው ለሚጎብጠው ነው፦ የተጠቀለለ ጋቢ ከጉልበቱ ሥር አድርጎ ተረከዙን ከፍራሹ እያነሳ ጉልበቱን ቀጥ ያደርጋል፣ 5 ሴኮንድ ይይዛል። 10 ጊዜ ሠርቶ አርፎ፣ ሦስት ዙር፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ሦስተኛው መራመድ ነው፦ በክራንቹ፣ ጠዋት ወይም ፀሐይ ሲበርድ፣ 10 ደቂቃ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱም እግሮች እኩል መሬት ላይ እየቆዩ። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ለዚህ ትመቻለች፤ የኮብልስቶኑን መንገድ ግን ለጊዜው ይተወው።

“በቀን ሦስት ጊዜ” ብሎ መተው በቂ አይደለም። ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ጠይቁትና ከሚያደርገው ነገር ጋር እሰሩት፦ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርድ፣ ከምሳ በኋላ ቡና ሲፈላ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት። እናቱ ወይም እህቱ አጠገቡ ካሉ አብረው ይስሙ፤ ማን እንደሚያስታውሰውም እዚያው ይወሰን። በደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ቀን ሦስት ክብ ይሣል፣ የሠራውን ያጥቁር። ያ ደብተር በሚቀጥለው ቀጠሮ ከጎኒዮሜትሩ እኩል ይጠቅማችኋል።

ማንበብ ለማይችል ወይም አማርኛ በደንብ ለማይሰማ ታካሚስ?

ወረቀቱን ተዉት። ከሲዳማ ገጠር የሚመጣ አባት አማርኛውን ራሱን እየነቀነቀ ሊያዳምጥ ይችላል፣ መስማማቱ ግን መረዳቱን አያሳይም። አስተርጓሚ ባለበት አንዴ አሳዩት፣ ከዚያ “አሁን እርስዎ ያሳዩኝ” በሉትና ሲሠራ በራሱ ወይም በልጁ ስልክ ቅረጹለት። የራሱን እግር በቪዲዮ ያየ ሰው የሌላ ሰው ሥዕል ካየው በተሻለ ያስታውሳል። ሰዓቱን ደግሞ በሥዕል፦ የምትወጣ ፀሐይ፣ አናት ላይ ያለች ፀሐይ፣ ጨረቃ።

ሲያመው ያቁም ወይስ ይቀጥል?

የደረቀ ጉልበት ያለ ምንም ሕመም አይታጠፍም፣ ስለዚህ “ካመመህ አቁም” ማለት “አትሥራ” ማለት ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይስጠው። እየሠራ እስከ 4 ወይም 5 ቢደርስና በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ቢመለስ መጠኑ ልክ ነው። በማግስቱም ካልወረደ፣ ወይም ጉልበቱ ካበጠና ከሞቀ፣ ድግግሞሹን በግማሽ ይቀንስ እንጂ ፈጽሞ አያቁም፤ ሁለት ቀን አይቶ ይመለስበት።

ከዚህ የተለዩ ምልክቶች አሉ፣ ለቤተሰቡም በግልጽ ይነገሩ። ባቱ በድንገት አብጦ ቢያመው፣ ትንፋሽ ቢያጥረው ወይም ደረቱን ቢወጋው የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ጭኑ ላይ ድንገት ቀጭ ብሎ መርገጥ ቢያቅተው፣ ወይም ትኩሳት ኖሮት ቁስሉ ፈሳሽ ቢያወጣም እንዲሁ።

መቼ ነው የማከብድበት?

ጋቢው ላይ የሚሠራውን ሦስቱንም ዙር፣ ጉልበቱ መጨረሻ ድረስ ቀጥ እያለ፣ በተከታታይ ሁለት ቀን ሲጨርስ። ያኔ ግማሽ ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ በነጠላ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይታሰር፤ ግማሽ ኪሎ ነው። ቀጥ ማለቱ ከጎደለ ግን ክብደቱ በዝቷል፣ ይነሳ።

ቤተሰቡ “ወጌሻ ጋ ወስደን እናሳሸው” ቢሉስ?

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል፣ በቁጣም አይመለስም። ቤተሰቡ ጉልበቱ ሲዘገይ አይቶ ነው፤ የእናንተ እቅድ የሚለካ ከሆነ መዘግየቱን ራሱን ልታሳዩአቸው ትችላላችሁ፦ ባለፈው 70፣ ዛሬ 76። ወሬው ከቁጥር ሲነሳ ሰው ይሰማል።

አደጋውንም በግልጽ ንገሯቸው። የተጎዳ የጭን ጡንቻ በኃይል ሲታሽና ጉልበቱ በግድ ሲታጠፍ ጡንቻው ውስጥ ደም ይቋጥራል፣ አንዳንዴም እዚያው ላይ አጥንት ይበቅላል። ያን ጊዜ ጉልበቱ ከበፊቱ ይብሳል። የሚታወቀው ሲታጠፍ ጫፉ ላይ የነበረው መሳሳብ ጠፍቶ ግድግዳ እንደነካ ደረቅ ብሎ ሲቆም፣ ጭኑ ላይም ጠንካራ የሚያም እብጠት ሲዳሰስ ነው። እንዲህ ካገኛችሁ ማሳሳቡን አቁማችሁ ለራጅ ላኩት። ታሽቶ እንደሆነ ስትጠይቁ ድምፃችሁ የወቀሳ ከሆነ እውነቱን አይነግሯችሁም።

የአጥንት ሐኪሙ ስለ መርገጥ ምንም ካልጻፈ?

አትገምቱ። ጽሑፉ እስኪመጣ መታጠፉና ጋቢው ላይ የሚሠራው፣ ክብደት ሳይጨመር፣ ይቀጥሉ፤ የመራመዱ ግብ ባዶ ይቀመጥ። ደውሎ መጠየቅ ካልተቻለ ታካሚው ራሱ አጭር ወረቀት ይዞ ይሂድ፦ “ምን ያህል ይርገጥ? ከመቼ ጀምሮ?” ሁለት መስመር ይበቃል።

ቀኑ ደርሶ ግቡ ባይሳካስ?

የእኛን ሰው በአራተኛው ሳምንት እንየው። መጉበጡ ከ15 ወደ 5 ወርዷል፣ ተሳክቷል። 10 ሜትሩን በአንድ ክራንች በ13 ሴኮንድ ሄዷል፣ ተሳክቷል። መታጠፉ ግን 82 ላይ ነው፤ 90 አልደረሰም። ለውጡ 12 ዲግሪ ስለሆነ የመለኪያ ስህተት አይደለም፣ እውነተኛ ነው፣ ግን ዘግይቷል።

ከመቀየራችን በፊት ሁለት ነገር እናያለን። አንዱ ደብተሩ ነው፦ የጠዋቱና የማታው ክብ ጠቁሯል፣ የቀትሩ ግን አብዛኛው ባዶ ነው። ሲጠየቅ ቀን ቀን መናኸሪያ አካባቢ የባጃጅ ተራ ላይ ጓደኞቹ ጋ እንደሚውል ይናገራል፤ እዚያ አልጋ የለም። ስለዚህ የቀትሩ እንቅስቃሴ ይቀየራል፦ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የታመመውን እግር ወደ ኋላ ይስባል፣ በደህናው እግር ከፊት ገፋ አድርጎ 30 ሴኮንድ ይይዛል፣ አራት ጊዜ። ሌላው ጉልበቱ ጫፍ ላይ የሚሰጠው ስሜት ነው፤ እኛ ስናጥፍለት 87 ይደርሳል፣ አሁንም ይሳሳባል። በር አልተዘጋም። የ90 ዲግሪው ግብ ለሦስት ሳምንት ይራዘማል፣ የተሳኩት ሁለቱ ወጥተው በምትካቸው አንድ አዲስ ይገባል፦ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ ላይ በቀኝ እግሩ 10 ጊዜ መውጣት፣ እጁን ሳይደገፍ።

ደብተሩ ሙሉ ሆኖ፣ ሳይታሽ፣ በተከታታይ ሦስት መለኪያ ለውጥ ካላሳየ ግን ግቡን ደጋግሞ ማራዘም ታካሚውን ጊዜ ማስበላት ነው። ጉልበቱ ውስጥ ወይም ጡንቻውና አጥንቱ መሃል የተጣበቀ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ይህን የአጥንት ሐኪሙ ያየዋል፣ በማደንዘዣ ሥር ማጠፍ ወይም ቀዶ ጥገና ያስፈልግ እንደሆነም እሱ ይወስናል፣ ደግሞም ሲዘገይ ምርጫው ይጠብባል። የምትጽፉት ደብዳቤ “ጉልበቱ አልታጠፍ ብሏል” የሚል ብቻ አይሁን፤ መነሻውን 70፣ ከዚያ 82፣ 83፣ 82 እያለ ከነቀኑ፣ ጫፉ ላይ ምን እንደሚሰማ፣ ቤት ውስጥ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሠራ ይያዝ።